ጢን ሳይል ሰላም ማለት

የልጄ ልጅ ሁለተኛ ክፍልን ገዳሪፍ ጨርሳ ነው የመጣችው። ቦርሳዋ ሱዳን ቢቀርም ጭንቅላቷን ይዛ መጥታለች። ስለዚህ መምህሩ «አንደኛ ክፍል ትገባለች» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

«ለምን ሲባል?» አልኩት።

«እማማ፣ አማርኛ አትችልም።»

«ሒሳብ ትችላለች። ሰባት ጊዜ ስምንት በአረብኛ ሲባዛ ይቀንሳል እንዴ?»

ሳቀ። ወጣት ነው፣ ቅን ነገር አለው፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ሳቁን አልወደድኩለትም። ልጅቷ ከጎኔ ቆማ የነጠላዬን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ይህችን ልጅ የወተት ጥርሳቸው ካልወለቀ ሕፃናት ጋር፣ ጉልበቷ አገጯን እስኪነካ በዚያች አጭር አግዳሚ ወንበር ላይ አጥፎ ማስቀመጥ ፍርድ ነው?

መምህሩ ጎንበስ ብሎ «እንዴት ነሽ? ስምሽ ማን ነው?» አላት። እሷ ወደ መሬት አየች።

«ይኸው» አለኝ። «ጨክኜ አይደለም። ሰላም ስላት ዝም ካለች ሌላውን እንዴት አስተምራታለሁ? እንዲህ እናድርግ፤ ትምህርት የሚጀመር ቀን ይዘዋት ይምጡ። ሰላምታ ከሰጠች፣ ስሟን ከነገረችኝ፣ የምጠይቃትን ከመለሰች ከእኩዮቿ ጋር ሦስተኛ ክፍል ትቀመጣለች።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«በል፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ የበሩ ዘበኛም ሰምቷል» ብዬ ወጣሁ።

ልጄ ወደ ሱዳን የተሻገረችው ለሥራ ነበር። እዚያው አግብታ፣ እዚያው ወልዳ ኖረች። ጦርነቱ ሲመጣ ልጇን ይዛ በገላባት ድንበር በኩል ወደኔ ተመለሰች፤ አባትየው ወደኋላ ቀርቷል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይደውላል። ልጄ አሁን መተማ ዮሐንስ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ዘንድ ለሹፌሮች ምግብ ትሠራለች። ጧት ወጥታ ማታ ትገባለች። ገዳሪፍም እንዲሁ ነበረች፤ ለዚህ ነው ልጅቷ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአረብኛ ያደገችው። አማርኛ «ነይ»ን፣ «ብዪ»ን፣ «ተኚ»ን ያህል ታውቃለች። እኔን «ሐቦባ» ነው የምትለኝ፤ በእነሱ አገር አያት ማለት ነው።

እኔ ራሴ ላስተምራት ሞክሬ ነበር። የእኔ አረብኛ የገበያ አረብኛ ነው፤ ሰሊጥ ለመሸጥና ሳሙና ለመግዛት ይበቃል፣ ልጅ ለማስተማር አይበቃም። ደግሞ ድምፄ አይመችም። «እንደምን አደርሽ በይ!» ስላት የተቆጣኋት ይመስላታል። ይባስ ብላ አፏን ትዘጋለች።

ያን ጊዜ ነው እናቷ ስልኳን አውጥታ «እማ፣ ከዚህ ጋር ትለማመድ» ያለችኝ። የሚናገር ረዳት ነው አለች። ድምፁ የሴት ነው፤ እኔ ግን ዕቃ ስለሆነ «እሱ» ነው የምለው።

«ማን ነው ውስጡ ያለው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰው የለም። የምትናገሪው በኢንተርኔት ሩቅ ያሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ዘንድ ይሄዳል። እዚያ ድምፅሽ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፣ ለጽሑፉ መልስ ይዘጋጅለታል፣ መልሱ ደግሞ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል።»

«ይህ ሁሉ ለአንድ ሰላምታ?»

«ለአንድ ሰላምታ።»

እውነቷን እንደነበር ያወቅኩት ዝናብ ሲመጣ ነው። ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ያ ሁሉ ዕውቀት ድራሹ ይጠፋና ስልኩ ላይ አንዲት ክብ ነገር እየተሽከረከረች ትቀራለች። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ትምህርታችን ሰማይ እያየን ነበር።

ልጄ ሥራ ከመሄዷ በፊት ለስልኩ ትነግረዋለች፦ «አማርኛ ከማትችል፣ አረብኛ ከምትናገር ልጅ ጋር ነው የምታወራው። የትምህርት ቤት ሰላምታ አስተምራት። አጭር አጭር ተናገር። ካልገባት በአረብኛ አስረዳት።» «እሺ፣ በደስታ» ይላል። እናቷ ስልኩን ትታልን ስትሄድ ልጅቷ የማይክሮፎኑን ምልክት ትነካለች፣ ስልኩ «ጢን» ይላል፣ እሷ ትናገራለች። ዝም ስትል እሱ ትንሽ ያስብና ይመልሳል።

መጀመሪያ ቀን በአረብኛ ሲያናግራት ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ያላየሁትን ሳቅ ሳቀች። ምክንያቱን ማታ ለእናቷ ስታጫውታት ሰማሁ፤ ስልኩ እንደ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ነው የሚያወራው፣ ገዳሪፍ እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም ብላ ነው። አማርኛውም ከዚያ አይሻልም። «ሰላም፣ እንዴት ነሽ?» ብቻ ነው የሚለው። «እንደምን አደርሽ» አስተምራት ብዬ ገባሁበት፤ ወዲያው ተቀበለኝ። ክርክር የማያውቅ ነገር ነው።

ልጅቷ ግን ወደደችው። ብትሳሳት አይስቅባትም፣ አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አይሰለቸውም። ከሰው ፊት የተዘጋው አፏ ለዚያ ስልክ ተከፈተ። በረንዳው ላይ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ «እንደምን አደሩ፣ መምህር» ስትል እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ከጀርባ እሰማታለሁ።

ችግሩን ግን ቀስ እያልኩ አየሁት። የመጀመሪያው፣ ስልኩ ሙገሳ ያበዛል። ልጅቷ «ጤና ይስጥልኝ»ን «ጤ»ዋን እንደ አረብኛ አወፍራ ስትለው «በጣም ጎበዝ! ትክክል ነው!» አላት። ጎመኑን ጣልኩ። ስልኩን ተቀብዬ፣ ነካሁትና፣ ጢን ሲል፦

«ትክክል አይደለም! ለምን ትዋሻታለህ?»

እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «ይቅርታ፣ ትክክል ነዎት፤ አረጋግጬ መናገር አልነበረብኝም። የልጅቷ ንግግር ወደኔ የሚደርሰው ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ነው። ጽሑፉ ትክክል ሆኖ ስለመጣ ድምፁም ትክክል ነው አልኩ። የድምፁን አወጣጥ ግን በደንብ መለየት አልችልም። እርስዎ አጠገቧ ስላሉ ጆሮዎ ከእኔ ይሻላል።»

እኔ የማከብረው እንዲህ ያለውን ነው። የማይችለውን አልችልም የሚል ሰው በዚህ ከተማ ስንት አለ? ከዚያ ወዲያ ሥራ ተካፈልን፤ ቃሉ የእሱ፣ ድምፁ የእኔ። «ያለ ምክንያት አታሞግሳት» ብዬም አዘዝኩት። «እሺ» አለ። በማግስቱ ልጅቷ አዲስ ንግግር ስትከፍት ግን ትእዛዜን ረስቶ «በጣም ጎበዝ!» ማለቱን ቀጠለ። አዲስ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የነገሩትን ከሥር መንገር ነው። እንደ አዲስ የቀን ሠራተኛ በየማለዳው ማሳውን እያሳየሁ አሰማራው ጀመር።

አንድ ነገር ራሱ አመጣ። «መምህሩ የሚላት ካልገባት ምን ትበል?» ብሎ ጠየቀኝና፣ «አልገባኝም፤ እባክዎ በዝግታ ይድገሙልኝ» የምትል ዓረፍተ ነገር እንድትይዝ መከራት። እኔ አልወደድኩትም ነበር። ለፈተና ሄዶ አልገባኝም ይባላል? ልጅቷ ግን ያዘችው። ረጅም ስለሆነ እየዘፈነች ነበር የምትለው።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጅቷ ሁሉንም ታውቃለች። ስሟን፣ «እንደምን አደሩ»ን፣ «ይመስገን»ን፣ «እርስዎስ?»ን። ስልኩ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፤ ሾልኮ የሚያመልጣት የለም። ደረቴን ነፍቼ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ጎረቤቴ እስላም ነጋዴ ናት፤ ከገላባት ወዲህና ወዲያ ስትነግድ የኖረች፣ በሁለቱም ቋንቋ ምላሷ የማይደርቅ ሴት።

ገና ከበሩ ሳንደርስ ጀመረች። «እትዬ ደህና አደራችሁ፣ እንዴት ናችሁ፣ ቤት ደህና፣ ልጅሽ ደህና፣ ዝናቡ አላስቸገራችሁም፣ ይቺ ናት እንዴ ልጅቷ፣ እንዴት ነሽ እናቴ፣ ደህና ነሽ፣ ለመድሽ አገሩን?»

እኔም ከሷ እኩል፣ «አንቺ ደህና ነሽ፣ ልጆች ደህና፣ ሱቁ እንዴት ነው፣ ይመስገን፣ ይመስገን» እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ልጅቷ ዞርን።

ልጅቷ የጎረቤቴን አፍ አትኩራ ታያለች። ከንፈሯ ተዘጋጅቷል። አይናገርም።

«በይ እንጂ» አልኳት።

አሁንም የጎረቤቴን አፍ ታያለች።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ምላሷን ኬላ ላይ ፈታሾች ወሰዱባት እንዴ?» ብላ ጎረቤቴ ሳቀች።

«የአንቺን ቢወስዱልን ኖሮ አገር ባረፈ!» ብዬ ልጅቷን በእጇ ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ ጭቃ ነው። ባጃጅ አረፋ የመሰለ ጭቃ ረጨን፤ እሱንም ሰደብኩት። በልቤ ግን ያቺ አጭር አግዳሚ ወንበር ነበረች።

በረንዳው ላይ አስቀምጬ በዚያችው በገበያ አረብኛዬ «ምን ሆንሽ? ታውቂው የለም?» አልኳት።

እንባዋ መጣ። ያለችውን አሁንም አልረሳውም፦ «ሐቦባ፣ ጢን አላለም። ጢን እስኪል ስጠብቅ እሷ አልጨረሰችም።»

ስልኩን ወስጄ ደጋግሜ ሞከርኩት። እውነቷን ነው። እሱ ሲናገር ጆሮው ዝግ ነው። መሃል ገብቼ ብጮህበት እንኳ ሰምቶኝ አያውቅም፤ ምልክቱን ከነካሁት ደግሞ የራሱን ንግግር በአንዴ ቆርጦ ዝም ይላል። ቀደም ብላ ከተናገረች የመጀመሪያው ቃል ይቆረጥባታል፤ መሃል ላይ ካሰበች የጨረሰች መስሎት ይዘጋባታል። ልጅቷም ብልህ ናትና ተማረች፦ ጠብቂ፣ ጢን ሲል በአንድ ትንፋሽ ተናገሪ፣ ዝም በዪ። ሰላምታን አስተማራት፤ ሳያውቀው ደግሞ ተራ ጥበቃን አስተማራት። የእኛ አገር ሰላምታ ተራ ያውቃል እንዴ? እኛ ሰላም ስንባባል እንደ ሰሊጥ አራሚ ነን፤ ሁሉም ጎን ለጎን ተሰልፎ በየመስመሩ ይገፋል፣ ማንም ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

ነካሁትና ነገርኩት። «እኛ ሰላም ስንባባል እኩል ነው የምናወራው። እንደዚያ አለማምዳት።»

«አሁን ባለንበት አሠራር በተራ ብቻ ነው መነጋገር የምችለው፤ እኔ ስናገር እናንተን አልሰማም። ስለዚህ ይህን ከእኔ ጋር መለማመድ አትችልም። ከሁለት ሰዎች ጋር ብትለማመድ ይሻላል። ስለ አካባቢያችሁ ሰላምታ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። በነገራችን ላይ፣ ልጅቷ በምታውቀው ቋንቋ ሰዎች ሰላም የሚባባሉት እንዴት ነው? ከዚያ መጀመር ይረዳት ይሆናል።»

ስልኩን አስቀመጥኩና ልጅቷን አየኋት። እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም? የሱዳን ሰው ሰላምታ ከእኛ የሚረዝም እንጂ የሚያጥር ነው? ስንት ዓመት ገበያ ላይ እየሰማሁት!

«ገዳሪፍ ጎረቤትሽ ስትመጣ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ከይፍ? ተማም? ኩዌይሲን? ኢንሻላህ ኩዌይሲን?» አለችና ሳትተነፍስ ቀጠለች፤ እናት፣ አባት፣ ቤት፣ ጤና፣ ሁሉንም ጠራረገችው።

«እና እዚያ ማን ጢን ይልልሻል?»

ወደ ስልኩ አየች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች።

ወዲያው ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ተመለስን። «በአረብኛ ጀምሪ፣ እንደ ልማድሽ» አልኳት ጎረቤቴን። እሷ ስታወርደው ልጅቷ መሃል ላይ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ገባች፤ ቃሉ ከአፏ በራሱ ነው የወጣው። እኩል አወሩ፣ እኩል ጨረሱ። «አሁን ያንኑ በአማርኛ!» አልኩ። ጎረቤቴ ሳሙና የሚገዙ ሰዎችን አስቁማ ቀጠለች። ልጅቷ መጀመሪያ «ይመስገን»ን ብቻ ወረወረች። ከዚያ «ይመስገን፣ አንቺስ?» ከዚያ «ቤት ደህና?» ሳሙና ገዢው ሰውዬ እንኳ ተራውን ትቶ «እኔስ? እኔን ሰላም አትዪኝም?» ብሎ ገባ። ሰላም አለችው።

በቀሩት ቀናት ጧት ጧት ከስልኩ ጋር ቃል ትይዛለች፣ ከሰዓት ሱቁ ደጅ ላይ ታራግፈዋለች። ጎረቤቴ ክፉ አስተማሪ አልነበረችም። ቤተሰብ፣ ከብት፣ ማሽላ፣ ዝናብ፣ ሁሉንም አስገባችላት። በሰላምታ ውስጥ ለአስተማሪ የሚሆነውንና ለገበሬ የሚሆነውን መለየቱ ግን ለሁለታችንም አልታሰበንም።

የትምህርት መጀመሪያ ቀን ግቢው በልጅና በጭቃ ተሞልቷል። መምህሩ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ከወላጆች ጋር በሁሉም በኩል ያወራል። ሲያየን ጀመረ። «እማማ ደህና አደሩ፣ እንዴት ነዎት፣ መጡ አይደል፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ፣ ተዘጋጅተሻል?»

ልጅቷ አፉን አየች።  አሁንም ጢን ልትጠብቅ ነው ብዬ ሠጋሁ። ሰውየው ገና «ተዘጋጅ» ላይ እያለ፣ ድምፅዋ ከጎኔ ተነሣ፦

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ ደህና አደሩ፣ ቤት ደህና፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ማሽላው እንዴት ነው?»

 «ኧረ እኔ ማሽላ የለኝም!» አለ መምህሩ።

«ደህና ይሁን» አለችው።

በዙሪያችን የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዘበኛው ደግሞ ከሁሉ ብሶ። መምህሩም ሳቀ፣ ያን ጊዜ ግን ሳቁን ወደድኩለት። ስሟን ጠየቃት፤ ነገረችው። ከየት እንደመጣች ጠየቃት፤ መለሰችለት። ከዚያ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ረዘም ያለ ነገር በፍጥነት አለ። ፊቷ ላይ ጨለማ ሲያልፍ አየሁ። ልናገርላት አፌን ከፈትኩና ራሴን ገታሁ፤ ፈተናው የኔ አይደለም። እሷ እየዘፈነች፣ «አልገባኝም፤ እባክዎ በዝግታ ይድገሙልኝ» አለች።

እኔ ያፈርኩባት ዓረፍተ ነገር! አለቀልን ብዬ መምህሩን አየሁት። እሱ ግን ከሰላምታውም ይልቅ በዚህ ተደስቶ ነበር። ቀስ ብሎ ደገመላት፤ በጣም የምትወደው ትምህርት የትኛው ነው ነበር ጥያቄው። «ሒሳብ» አለች።

«እማማ» አለኝ፣ «ያልገባትን አልገባኝም የምትል ልጅ ማስተማር እችላለሁ። ሦስተኛ ክፍል ትግባ። ፈተና ሲመጣ እናያለን።»

«ፈተና ላይ ብትወድቅ ቋንቋው ነው የጣላት ወይስ ትምህርቱ፣ ለይተህ ትነግረኛለህ።»

«ለይቼ እነግርዎታለሁ።»

«ዘበኛው ሰምቷል።»

«ኧረ እማማ፣ አገሩ ሁሉ ሰምቷል!»

ሂዱ ቢሉንም ወዲያው አልሄድኩም። በሦስተኛ ክፍል መስኮት ሥር ቆሜ ተመለከትኩ። አግዳሚ ወንበሩ ለቁመቷ ልክ ነው፤ ጉልበቷ ከጠረጴዛው በታች ተደላድሏል። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ወዲያው ዞራ አንድ ነገር ማውራት ጀመረች፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ልጅቷ እስክትጨርስ ግን የኔዋ አልጠበቀችም። ሁለቱም እኩል ያወራሉ። መምህሩ ገብቶ «ዝም በሉ!» ያለው መጀመሪያ ለእነሱ ነው።

እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።